የ12,400 ገበሬዎች ኢሜይል

የኢሜይሉ ርዕስ «12,400 ገበሬዎች በ4 ወር» ይላል። ላኪው ለስንዴ አምራች ገበሬዎች በስልክ የእርሻ ምክር የሚያደርስ መተግበሪያ የሠራ ጀማሪ ኩባንያ ነው። ተቀባይዋ ደግሞ ገና ትርፍ ማየት ያልጀመሩ ድርጅቶችን እየመረጠች ገንዘብ የምታስገባና በምትኩ ድርሻ የምትይዝ ባለሀብት ናት። ኩባንያውም፣ ባለሀብቷም፣ የኩባንያው ቁጥሮችም ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው። ደብዳቤው የተሠራበት መንገድ ግን የታወቀ ነው፤ በጀማሪ ኩባንያዎች መንደር ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ እንዲህ ያለ ኢሜይል የማይጻፍበት ሳምንት የለም።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ድርጅታችን ለአነስተኛ ገበሬዎች ዘመናዊ የእርሻ ምክር በስልካቸው የሚያደርስ መተግበሪያ ሠርቷል። ሥራ ከጀመርን ገና 4 ወራችን ቢሆንም 12,400 ገበሬዎች ተመዝግበዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የተጠቃሚዎቻችን ቁጥር ከ10 እጥፍ በላይ ሆኗል። ምርታቸውም በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል። ሥራውን ወደ ሌሎች ክልሎች ለማስፋት አጋር እየፈለግን ስለሆነ ለውይይት ጊዜ ቢሰጡን ደስ ይለናል።»

ሲያነቡት ምንም የሚያስነቅፍ ነገር የለበትም። ጨዋ ነው፣ አጭር ነው፣ ቁጥርም አለው። ባለሀብቷ ግን ቁጥሩን አይታ አትደነቅም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው የምትጠይቀው። ለጥያቄዋም ብዙ ጊዜ አትሰጥም። ዶክሴንድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ጋር ባደረገው ጥናት፣ ባለሀብቶች ከኢሜይል ጋር የሚላክላቸውን የኩባንያ ማብራሪያ በአማካይ የሚያዩት ለ3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጥርጣሬ ካደረባት ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

«ተመዝግበዋል» ሲባል

ገበሬ ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚመዘገበው ብዙውን ጊዜ ስልኩን ከፍቶ መተግበሪያ በማውረድ አይደለም። የኩባንያው ሰዎች ወደ ቀበሌው ይሄዳሉ፤ ከግብርና ልማት ሠራተኛው ጋር ይነጋገራሉ፤ ገበሬው ለስብሰባ ወይም ማዳበሪያ ለመውሰድ በተሰበሰበበት ዕለት ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የሚዘራውን ሰብልና የመሬቱን ስፋት ይጽፋሉ። በአንድ ጠዋት 200 ሰው መመዝገብ ይቻላል። ከእነዚህ መካከል ምክሩን ፈልጎ የመጣም፣ ሌላው ሲመዘገብ አይቶ የተመዘገበም፣ ማዳበሪያ የሚታደል መስሎት የተሰለፈም ይኖራል።

ከዚህም ሌላ የስልኩ ነገር አለ። ስልክ የሌለው ገበሬ የልጁን ቁጥር ይሰጣል፤ ልጁም የለኝም ካለ የጎረቤቱን። አንዳንዱ የልማት ሠራተኛ ደግሞ ነገሩን ለማሳጠር የራሱን ቁጥር በ14 ሰው ስም ይሞላል። የኩባንያችን መሥራቾች መዝገባቸውን በስልክ ቁጥር ለይተው ሲያዩት 12,400ው ስም በ9,300 ቁጥር ላይ የተመዘገበ ሆኖ አገኙት። ይህ ማጭበርበር አይደለም። አንድ ስልክ ለአንድ ቤተሰብ መድረሱ የገጠሩ እውነት ስለሆነ ምክሩ ከስልኩ ባለቤት አልፎ ለሌሎችም ሊሰማ ይችላል። ቢሆንም ድርጅቱ መልእክት የሚልከው ለስልክ እንጂ ለስም አይደለም፤ ስለዚህ መቆጠር ያለበት 9,300ው ነው።

«ከ10 እጥፍ በላይ» የሚለው ሐረግም መመርመር አለበት። በሰኔ መጨረሻ ተመዝጋቢው 1,200 ነበር፤ በሐምሌ 4,600፣ በነሐሴ 9,800፣ በመስከረም 12,400 ሆነ። በሥዕል ሲቀመጥ ያለማቋረጥ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ነው። ችግሩ ጠቅላላ ድምር መውረድ አለመቻሉ ላይ ነው። የተመዘገበ ሰው ዳግመኛ ስልኩን ባያነሳም ስሙ ከመዝገቡ አይፋቅም፤ ኩባንያው ነገ ሥራ ቢያቆም እንኳ መስመሩ ባለበት ይረጋል እንጂ ቁልቁል አይሄድም። በየወሩ የመጡትን አዳዲሶች ብቻ ለይቶ ማየት ግን ሌላ ታሪክ ያወጣል፦ በሰኔ 1,200፣ በሐምሌ 3,400፣ በነሐሴ 5,200፣ በመስከረም 2,600። በመጨረሻው ወር አዲስ የመጣው ሰው ካለፈው ወር በግማሽ ቀንሷል። ለምን? ለምዝገባ ጉዞ የተመደበው ገንዘብ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስላለቀ ነው። ይህ ማለት ገበሬው ከጎረቤቱ ሰምቶ በራሱ ፈቃድ እየመጣ ሳይሆን ኩባንያው ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ እያመጣው ነበር።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤሪክ ሪስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው «ዘ ሊን ስታርትአፕ» በተባለው መጽሐፉ፣ ሲታዩ የሚያስደስቱ ነገር ግን ምን መደረግ እንዳለበት የማይናገሩ ቁጥሮችን የከንቱ ውዳሴ መለኪያዎች አድርጎ ይተቻል። ጠቅላላ ተመዝጋቢ ከእነዚህ ዋነኛው ነው። ባለሀብቷ መጽሐፉን አንብባም ሆነ ሳታነብ በዚህ ዓይነት ቁጥር ብዙ ጊዜ ተታላለች፤ ስለዚህ ስታየው ዓይኗ ወዲያውኑ የሚሄደው «ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ተመልሶ መጣ?» ወደሚለው ነው።

በሳምንት ሳይሆን በሰብል

ተመልሶ መምጣት ለማኅበራዊ ሚዲያ በቀን ይለካል፤ ለገንዘብ መላኪያ በወር። የኢንተርኔት ኩባንያዎችን የሚመዝኑ ሰዎች በእጅጉ የለመዱት ደግሞ ሳምንትን ነው። በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነው የጀማሪ ኩባንያዎች ደጋፊ የዋይ ኮምቢኔተር መሥራች ፖል ግሬም እ.ኤ.አ. በ2012 በጻፈው መጣጥፍ፣ በሳምንት ከ5 እስከ 7 በመቶ ማደግ ጥሩ፣ 10 በመቶ ማደግ ደግሞ እጅግ የላቀ ነው ብሏል። በሳምንት 7 በመቶ ያደገ ነገር በዓመቱ ከ33 እጥፍ በላይ ይሆናል።

ስንዴ ግን በሳምንት አይለካም። የመኸር ስንዴ የሚዘራው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬው ውሳኔ የሚወስድባቸው ቀናት የተቆጠሩ ናቸው። በዘር ወቅት ምን ዓይነት ዘር፣ በምን መጠን፣ ከየትኛው ማዳበሪያ ጋር የሚለውን ይወስናል። ቡቃያው ከሥሩ እየበዛ ሲሄድ፣ ከመጀመሪያው አረም በኋላ፣ ቀሪውን ዩሪያ መቼ እንደሚጨምር ይወስናል። ነሐሴና መስከረም ላይ በቅጠሉና በግንዱ ላይ ዋግ መታየቱን እየተከታተለ ኬሚካል ልርጭ ወይስ ልተወው ብሎ ያስባል። ኅዳር ላይ አጨዳና ክምችት ይመጣል። በእነዚህ መካከል ባሉት ሳምንታት ስለ ስንዴ የሚጠየቅ ነገር ብዙም የለም፤ ገበሬው መተግበሪያውን አለመክፈቱም ጠፋ አያሰኘውም።

ስለዚህ መሥራቾቹ በወር «ንቁ» የሆነ ተጠቃሚ መቁጠሩን ትተው መዝገቡን በሰብሉ ቀጠሮ ከፈሉት። መጀመሪያ የያዙት በሰኔ፣ ማለትም ከዘር በፊት፣ የተመዘገቡትን 900 ስልኮች ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉንም ውሳኔዎች ከአገልግሎቱ ጋር ያሳለፉት እነርሱ ናቸው። በነሐሴ የተመዘገበ ገበሬ የዘር ምክር አልሰማም ብሎ መቁጠር ስህተት ይሆናል። ቀጥሎ «ሰማ» የሚለውን ቃል ወሰኑት፦ ስልኩ ስለተነሳ ብቻ ሳይሆን የ90 ሰከንዱ የድምፅ መልእክት ከግማሽ በላይ ከተደመጠ። ውጤቱ የሚከተለው ሆነ። በዘር ወቅት 540 ስልኮች ሰሙ፤ በዩሪያ ወቅት 360፤ በዋግ ወቅት 450።

መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ከመካከለኛው መብለጡ ባለሀብቷን የሚያስቆማት ነገር ነው። በአብዛኛዎቹ ሌሎች መተግበሪያዎች ተጠቃሚ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይጨምርም። እዚህ የጨመረበት ምክንያት ግን ለስንዴ ገበሬ ግልጽ ነው፤ በዩሪያ ጉዳይ ገበሬው ከልማት ሠራተኛውም ከልምዱም የሚያውቀው አለው፤ ዋግ ሲመጣ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳውን ሊያጣ ይችላል። የኢትዮጵያ ስንዴ ይህን በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ብዙ ማሳ ካጠፋ በኋላ ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል የተባለው ዲገሉ የተሰኘ ዝርያ በስፋት ተሠራጨ። እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ደግሞ ያው ዲገሉ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ።

ባለሀብቷ ከዚህ ታሪክ ሌላም ጥያቄ ታወጣለች። ትናንት ትክክል የነበረ ምክር ዘንድሮ ገበሬውን ሊጎዳ ከቻለ፣ ምክሩን የሚጽፈው ማነው? በየስንት ጊዜው ይታደሳል? በመጀመሪያው ረቂቅ ስለዚህ አንድም ቃል የለም። በቡድኑ ውስጥ ሁለት የሶፍትዌር ባለሙያዎችና አንድ የሽያጭ ሰው ብቻ ካሉ፣ ስንዴን የሚያውቅ የአዝርዕት ባለሙያ ግን ከሌለ፣ ደብዳቤው ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር አይሻገርም።

«ምርታቸው ጨምሯል»

በረቂቁ ውስጥ በጣም አደገኛው ዓረፍተ ነገር የምርቱ ነው። ሥራ ከጀመሩ አራት ወር ሲሆን ስንዴው ገና ማሳ ላይ ቆሟል፤ ያልታጨደ እህል ጨምሯል ማለት አይቻልም። ባለሀብቷ ይህን ያህል ግብርና ባታውቅ እንኳ ከምታማክራቸው ሰዎች አንዱ ይነግራታል።

ከአጨዳ በኋላም ቢሆን «በከፍተኛ ደረጃ» የሚለው ቃል ጥርጣሬ ይጠራል፤ ምክንያቱም በስልክ የሚሰጥ ምክር ስንት ያህል እንደሚያመጣ የተጠና ነገር አለ። የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ምሁር ማይክል ክሬመርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮችና በሕንድ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲመለከቱ በስልክ የሚተላለፍ የእርሻ መረጃ ምርትን በአማካይ በ4 በመቶ እንደሚያሳድግ ገምተዋል። በሄክታር 30 ኩንታል የሚያገኝ ገበሬ ግማሽ ሄክታር ቢዘራ 15 ኩንታል ያገባል፤ የዚህ 4 በመቶ 60 ኪሎ ነው። ለአንድ ቤተሰብ 60 ኪሎ ስንዴ ቀላል አይደለም፤ መልእክቱን መላክ የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ በመሆኑም ሥራው ያዋጣል። «ምርት በእጥፍ አደገ» የሚል ደብዳቤ ግን በዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ራሱን ያጋልጣል።

ታዲያ ከአጨዳ በፊት ምን ማለት ይቻላል? ገበሬው ምክሩን ሥራ ላይ አዋለ ወይስ አላዋለም የሚለውን። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምክሩን የሰሙትን ካልሰሙት ጋር ማወዳደር አያስኬድም፤ ስልክ አንስቶ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ገበሬ ቀድሞውንም ብርቱና ጠያቂ የሆነው ነው፤ ዩሪያውንም ምክር ባይሰማ በጊዜው ይጨምር ነበር። መሥራቾቹ ያደረጉት ሌላ ነው። በሐምሌ ከተመዘገቡት 1,000 ስልኮችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለ500ዎቹ በተገቢው ሳምንት የዩሪያውን መልእክት ላኩ፤ ለሌሎቹ 500 በዚያው ሳምንት ስለ እህል ክምችት የሚናገር መልእክት ደረሳቸው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቡድን የሰማም ያልሰማም ሳይለዩ 200 ሰው በዕጣ መርጠው ደወሉ።

የጥያቄው አጠያየቅ ራሱ ሥራ ይፈልጋል። «ዩሪያውን እንደነገርንዎት ጨመሩ?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ይሉኝታ ይይዘውና «አዎ፣ እግዜር ይስጥልን» ይላል። ስለዚህ ደዋዩ መጀመሪያ መቼ እንደዘሩ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ አረሙ መቼ እንደተነቀለ፤ ከዚያ ዩሪያ ጨምረው ከሆነ በየትኛው ሳምንት፣ ከየትኛው በዓል በፊት ወይም በኋላ እንደሆነ። ትክክለኛውን ጊዜ ከመልሶቹ የሚያሰላው ኩባንያው ነው። በዚህ መንገድ መልእክቱ ከተላከላቸው 200 ሰዎች 96ቱ፣ ካልተላከላቸው 200 ደግሞ 80ው ዩሪያውን በጊዜው ጨምረው ተገኙ። ልዩነቱ ከመቶ 8 ሰው ነው። ከ12,400 አጠገብ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በደብዳቤው ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ምክሩ ራሱ ያመጣውን ለውጥ የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነው። 200 ሰው ትንሽ ናሙና ስለሆነ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ በሚቀጥለው ዙር በብዙ ሰው መደገም እንዳለበት መጻፍም ያስፈልጋል።

ከፋዩ ማነው?

ባለሀብቷ ገንዘቧን የምታስገባው ተመልሶ እንዲመጣ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ግን ስለ ገቢ ምንም አይናገርም።

ገበሬው ለምክር ይከፍላል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው። በሕንድ ጉጃራት ግዛት የጥጥ ገበሬዎች በስልክ ደውለው ምክር የሚያገኙበት «አቫጅ ኦታሎ» የተባለ አገልግሎት ነበር። ሾን ኮልና ኒሌሽ ፈርናንዶ የተባሉ ተመራማሪዎች ባጠኑት ጊዜ ገበሬዎቹ አገልግሎቱን መጠቀማቸውንና ውሳኔያቸውን መለወጣቸውን አረጋገጡ፤ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆኑት ዋጋ ግን አገልግሎቱን ለማቅረብ ከሚወጣው ያንሳል። ምክር ከመሰማቱ በፊት ዋጋው አይታወቅም፤ ከተሰማ በኋላ ደግሞ ለጎረቤት በነፃ ይነገራል።

በኢትዮጵያ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ነፃው አገልግሎት አስቀድሞ አለና። የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስጀመረው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ፣ ቁጥር እየተጫነ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የተቀዳ ምክር የሚሰማበት ነው፤ የስንዴ ዋግ ሲነሳም ማስጠንቀቂያ ተልኮበታል። ስለዚህ «8028 እያለ እናንተ ለምን?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። «እኛ ዘመናዊ ነን» የሚል መልስ አይበቃም። መልሱ ሊሆን የሚችለው፣ ምሳሌ ለመስጠት፣ ገበሬው የዘራበትን ቀን ስለምናውቅ ዩሪያውን የሚጨምርበትን ሳምንት ለይተን እኛው እንደውልለታለን የሚል ተጨባጭ ልዩነት ነው።

ገበሬው ካልከፈለ ሌላ ከፋይ መፈለግ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዊፋርም የተባለው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ገበሬዎች በአጭር የጽሑፍ መልእክት እርስ በርስ ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት ድርጅት 13 ሚሊዮን ዶላር ከባለሀብቶች ሲያገኝ 1.9 ሚሊዮን ያህል ተመዝጋቢ ገበሬዎች ነበሩት። ጥያቄና መልሱ ነፃ ነበር፤ ኩባንያው ገቢ አገኝበታለሁ ያለው ገበሬዎቹ ዘርና የእርሻ ግብዓት በሚገዙበት የገበያ አገልግሎት ነው። ሌሎችም ከግብዓት ሻጭ፣ ከአበዳሪ ተቋም፣ ከመድን ድርጅት ወይም ከመንግሥት ፕሮጀክት ክፍያ ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ከፋይ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። የፀረ ዋግ ኬሚካል አስመጪ ከፋይ ከሆነ ገበሬው «ዘንድሮ መርጨት አያስፈልግም» የሚል ምክር የመስማት ዕድሉ ይቀንሳል። ይህን ያስተዋለ ባለሀብት ምክሩን የሚጽፈው ሰው ከሽያጩ ምን ያህል እንደተለየ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ረቂቅ

መሥራቾቹ መዝገባቸውን ከመረመሩ በኋላ የጻፉት ደብዳቤ ከመጀመሪያው ብዙም አይረዝምም። ርዕሱ «ለስንዴ ገበሬ በዘራበት ቀን የተቆጠረ ምክር፦ የመጀመሪያው መኸር ውጤት» ሆነ።

«ጤና ይስጥልኝ። የስንዴ ገበሬ የዘራበትን ቀን መዝግበን፣ ዩሪያ የሚጨምርበትና ዋግ የሚከታተልበት ሳምንት ሲደርስ በድምፅ መልእክት እንደውልለታለን። ተራ ስልክ ይበቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም 9,300 ስልኮች ተመዝግበዋል፤ አብዛኛዎቹን ያገኘናቸው ራሳችን ቀበሌ ድረስ ሄደን ነው። ከዘር በፊት ከተመዘገቡት 900 ስልኮች 540ዎቹ በዘር፣ 360ዎቹ በዩሪያ፣ 450ዎቹ በዋግ ወቅት መልእክቱን ከግማሽ በላይ አዳምጠዋል። በዕጣ ባደረግነው ንጽጽር መልእክታችን ከተላከላቸው ገበሬዎች 48 በመቶው፣ ካልተላከላቸው 40 በመቶው ዩሪያውን በጊዜው ጨምረዋል፤ ናሙናው አነስተኛ ስለሆነ እንደግመዋለን። የምርት ውጤት ከኅዳር አጨዳ በኋላ ይኖረናል። እስካሁን ገቢ የለንም፤ ከአንድ የግብዓት አቅራቢ ማኅበር ጋር በሚቀጥለው መኸር በተመዝጋቢ ገበሬ ልክ ስለሚከፈል ክፍያ እየተነጋገርን ነው። ለ18 ወር ሥራ 120,000 ዶላር እንፈልጋለን። ለ30 ደቂቃ ቢያነጋግሩን መዝገቡን ከፍተን እናሳይዎታለን።»

18 ወር የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ገንዘቡ ታኅሣሥ ላይ ቢገባ የዓመቱን የበጋ መስኖ ስንዴ፣ ቀጣዩን መኸር፣ ከዚያም ሌላ የበጋ መስኖ ስንዴ ያዳርሳል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ ለመታረም ማለት ነው። የእርሻ ምክር የሚሰጥ ኩባንያ እንደ ሌሎች መተግበሪያዎች በየሳምንቱ አዲስ ነገር ሞክሮ ውጤቱን ሊያይ አይችልም። ገንዘቡ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቢደርስ ዘሩ አልፏል፤ ደሞዝና ኪራይ እየተከፈለ የሚቀጥለው ሰኔ ይጠበቃል። ደብዳቤው በጥቅምት የተላከውም ለዚህ ነው። ከባለሀብት ጋር የሚደረገው ንግግር ወራት ይፈጃል፤ ሚያዝያ ላይ የጻፈ ሰው ለዚያ መኸር አይደርስም።

ቁጥሩ ከ12,400 ወደ 9,300፣ ከዚያም ወደ 540፣ 360 እና 450 መውረዱ ደብዳቤውን ደካማ ያደረገው ሊመስል ይችላል። ባለሀብቷ ግን በሁለተኛው ረቂቅ ልታጣራው የምትችለው ነገር አግኝታለች፤ የማጣራት ሥራዋንም ወዲያው ትጀምራለች። ከመዝገቡ ላይ 30 ስልኮች ራሷ መርጣ እንዲደወልላቸው ትጠይቃለች። ኩባንያው ቁጥሮቹን አንሥቶ አይሰጣትም። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ገበሬው ቁጥሩን የሰጠው ምክር ለማግኘት እንጂ ለባለሀብት እንዲተላለፍ አይደለም። ስለዚህ የኩባንያው ሰው ይደውላል፣ ገበሬውን ያስፈቅዳል፣ እርሷ በድምፅ ማጉያ ታዳምጣለች።

ከ30ዎቹ 19ኙ ስልክ አነሱ። 4ቱ ስለ አገልግሎቱ ሰምተው አያውቁም፤ ቁጥሩ የዘመድ ሆኖ ተገኘ። 9ኙ መልእክቱን ያስታውሳሉ፤ ምን እንዳለ ግን በውል መናገር አልቻሉም። 6ቱ ዩሪያውን ያስጨመራቸው ወይም ማሳቸውን ወርደው ዋግ እንዲፈልጉ ያደረጋቸው ይኸው ጥሪ መሆኑን ከነሳምንቱ ተናገሩ። ከስድስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የባሎቻቸው ስም ሲሆን ስልኩን ቤት ውስጥ የሚያነሱት ግን እነርሱ ናቸው። መሥራቾቹ ይህን ከዚያ በፊት አላወቁም ነበር፤ መልእክቱ ምሽት ላይ እንዲደርስ የተደረገው ባል ከሥራ ይመለሳል በሚል ስሌት ነበርና።

ባለሀብቷ 120,000 ዶላሩን በአንድ ጊዜ አልሰጠችም። 40,000ው ታኅሣሥ ላይ እንዲገባ፣ ቀሪው 80,000 ደግሞ ከኅዳር አጨዳ በኋላ የሚደረገው የምርት ጥናት ሲቀርብና የዩሪያው ንጽጽር በመስኖው ስንዴ በ2,000 ስልኮች ላይ ሲደገም እንዲለቀቅ ሐሳብ አቀረበች። በውሉ ረቂቅ ላይ አንድ ነገር ጨመረች፦ በየወሩ የሚላክላት ሪፖርት የተመዝጋቢዎችን ጠቅላላ ድምር አይይዝም፤ በዚያ ወር በወደቀው የሰብል ውሳኔ ስንት ስልክ እንደሰማና ስልኩን ያነሳው ማን እንደሆነ ብቻ ይይዛል።